ከጥምቀት ማዕድ በኋላ ለአማት የሚላክ ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፤

ለጥምቀት ከባለቤቴ ጋር ጎንደር ሄጄ ቤተሰቦቹን ለመጀመሪያ ጊዜ ቤታቸው ተገኝቼ አየኋቸው። ጥር 11 ከጥምቀተ ባሕሩ ስንመለስ እናቱ ዶሮ ወጥ፣ ጠላና ድፎ ዳቦ አሰናድተው ጠበቁን። ፈረሰኛውን ለእኔ አወጡልኝ፤ በእጃቸውም አጎረሱኝ። አክስቱም ጠርተውን ስለነበር ቡናው በረካ ሳይደርስ ተነሣን። አሁን ሀዋሳ ገብተናል። እናቱ ማንበብ አይችሉም፤ ቴሌግራም ያላት ታናሽ እኅቱ ናት። ይህን ጽፌ ልልክ ስል እጄን ያዘኝ፦

«ሰላም እማዬ፣ እርስዎ ስላደረጉልን ግብዣ በጣም አመሰግናለሁ። ምግቡ በጣም ጣፋጭ ነበር። አቀባበልሽም በጣም ደስ ይላል። እንደዚህ ያለ ዶሮ ወጥ ትልቅ ምግብ ቤት እንኳ አይገኝም። ስላደከምናችሁ ይቅርታ። እኛም አንድ ቀን እንጋብዛችኋለን።»

ባለቤቴ «ደውለሽ አመስግኚና ጨርሺው» ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

አዲሷ ምራት፣ ከሀዋሳ

---

ልጄ፣ እጅሽን የያዘሽ ነገር ልክ ነው። መልእክትሽ ክፉ ቃል የለበትም፤ ግን የማንም ቤት ቢላክ ይሆናል። ስሙን ብቻ ለውጠሽ ለአክስቲቱ ብትልኪውም አንዲት ቃል አትጎረብጥም። የጥምቀት ሰሞን ደግሞ የጎንደር ቤት በእንግዳ የተሞላ ነው። አማትሽ በዚያ ሳምንት «ጣፋጭ ነበር፣ እናመሰግናለን» የሚለውን ከወጪ ወራጁ ሁሉ ሰምተውታል። ከልጃቸው ሚስት፣ ያውም መጀመሪያ ቤታቸው ከገባች ምራት፣ ሊሰሙ የሚፈልጉት ሌላ ነው። የለፉበትን አይታ ይሆን? የሚለው ነው በልባቸው ያለው።

ስለዚህ ከቃሉ በፊት ሥራውን እንይ። አንቺ ማዕዱን ያየሽው ከቀረበ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ምስጋናሽ የሚቆመው እዚያ ላይ ነው።

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ከየደብራቸው ወጥተው ወደ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱበት ቀን ነው። ቀኑ ገሃድ ስለሆነ ይጾማል። ለበዓሉ የሚቀርበው ዶሮ ግን የሚሠራው በዚሁ በጾሙ ቀንና በዋዜማው ሌሊት ነው፤ በነጋታው ባለቤቲቱም ታቦት ለማንገሥ ስለምትወጣ ምድጃ ዳር ልትውል አትችልም። ዶሮው በፈላ ውኃ ይነጫል፣ ይለበለባል፣ በየብልቱ ይወጣል፤ ከዚያ በሎሚና በጨው ውኃው ጠርቶ እስኪወርድ ደጋግሞ ይታጠባል። ሽንኩርቱ ደቅቆ ይከተፍና በለዘብታ እሳት ሳይቃጠል፣ ሳያር፣ መልኩ እስኪለወጥ ይቁላላል። በርበሬው ይገባል፤ ውኃ ጠብ እየተደረገ ይበስላል፤ ቅቤው ይከተላል። ይህ የሰዓታት ሥራ ነው፤ ከምድጃው ዞር ቢሉ ቁሌቱ ከድስቱ ሥር ይይዛል። መከለሻውና የተቀቀለው እንቁላል የሚገቡት በመጨረሻ ነው።

ይህን ሁሉ አማትሽ ሳይቀምሱ ነው የሠሩት። ቅቤና ሥጋ የገባበትን ወጥ የሚጾም ሰው አፉ አያደርስም። ጨዉ በቅቶ እንደሆነ፣ በርበሬው ጥሬ ጥሬ ይል እንደሆነ የሚታወቀው በሽታው፣ በመልኩና ቅቤው ወደ ላይ ሲንሳፈፍ በማየት ነው። ጾም ያልደረሰ ልጅ ካለ በእጁ መዳፍ ጠብ ተደርጎለት «ጨው አለው?» ይባላል። እኛ ቤት ጨው ቀማሿ ትንሿ እኅታችን ነበረች፤ ፊቷን አይታ ነበር እናታችን የምትወስነው። በጥምቀት ዶሮ ላይ የሠሪዋ ትልቁ ሥጋት ይሄ ነው። ሌላ ቀን ቢሆን ቀምሳ ታስተካክላለች። በዚያች ቀን ግን ወጡን ከሚበሉት ሰዎች ጋር እኩል ነው የምትቀምሰው፤ ሰው ሲጎርስ ፊት ፊቱን የምታየውም ለዚህ ነው። አንቺ መጀመሪያ ስትጎርሺ አማትሽ ወዴት ያዩ እንደነበር አስታውሺ።

እንግዲህ «ምግቡ በጣም ጣፋጭ ነበር» ከማለት ይልቅ፣ በገሃድ ሳይቀምሱ ሠርተውት ጨዉም በርበሬውም ልክ መሆኑን ብትነግሪያቸው፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲሠጉበት ለቆዩት ጥያቄ መልስ ሰጠሽ ማለት ነው። ያንን አንድ ነገር ካልሽ ጠላውንም ዳቦውንም እየቆጠርሽ ማመስገን አያስፈልግሽም። ሁሉንም ከደረደርሽው የግዢ ዝርዝር ይመስላል፤ አንዱም ልብ አይገባም። ከማዕዱ አንዱን ምግብ ምረጪ፣ ድካሙን ጥሪው፣ ሌላውን እዚያው ውስጥ ጠቅልለሽ ተዪው።

ነገር ግን ያላየሽውን እንዳየሽ አትናገሪ። መልእክቱን ከመላክሽ በፊት ለታናሽ እኅቱ ደውዪና ዶሮውን ማን እንደሠራው፣ ጠላውን ማን እንደጠመቀው፣ ድፎውን ማን እንደደፋው ጠይቂያት። በበዓል ሥራ ይከፋፈላል። ወጡ የእናትየው ሆኖ ዳቦው የጎረቤት፣ ጠላው የአክስቲቱ ሊሆን ይችላል። የአክስቲቱን ጠላ ለእናትየው ብታሞግሺ ሁለቱም ፊት ታፍሪያለሽ፤ ያንን ጠላ የጠመቀችው ሴት ደግሞ ጌሾ ካሰናዳችበት፣ ከጠነሰሰችበት ቀን ጀምሮ ስትጠብቀው የነበረውን ምስጋና ሌላ ሰው ሲወስደው ትሰማለች። በጥር ብርድ ጠላ ቶሎ አይደርስም። እንግዳው መንገድ ሳይጀምር ነው ጋን የሚታጠነው። እኅቱ «ጠላውም የእማዬ ነው» ካለችሽ፣ «ገና ሳንመጣ ጀምረው ሲያሰናዱ እንደነበር ሰማሁ» የምትል አንዲት ሐረግ ልትጨምሪ ትችያለሽ። ከዚህ በላይ አትሂጂ።

ምግብ ቤቱን ከመልእክትሽ አውጪው። በሙገሳ ብለሽው ነው፤ ይገባኛል። ግን እናት ለልጇ ሚስት የሠራችውን ወጥ ለሽያጭ ከሚሠራ ወጥ ጋር በአንድ ሚዛን ማስቀመጥ፣ ከፍ አድርገሽም ቢሆን፣ ሥራዋን ዝቅ ያደርገዋል። ከሌላ ሰው ቤት ጋርም አታወዳድሪ። አንቺ ደግሞ በዚያው ቀን ሁለት ቤት በልተሻል፤ ሁለቱ ሴቶች ዘመዳሞች ናቸው፤ የላክሽው መልእክት ሁለቱም ጆሮ እንደሚደርስ አትጠራጠሪ።

አሁን ወደ አቀባበሉ እንምጣ። «አቀባበልሽ ደስ ይላል» የሚለው ምንም አላሳየም። ያየሽውን ተናገሪ። ለእኔ በደብዳቤሽ የነገርሽኝ ሁለት ነገር አለ፤ እነሱን ለአማትሽ ሳትነግሪ መቅረትሽ ነው የገረመኝ። ፈረሰኛ እንዲሁ ለማንም አይወጣም። ዶሮ በየብልቱ ወጥቶ ሲቀርብ ፈረሰኛው የአባወራው ወይም የከበረ እንግዳ ድርሻ ነው። አማትሽ በባላቸውና በልጆቻቸው ፊት ጭልፋቸውን ወደ አንቺ ሲያዞሩ ለቤተሰቡ ሁሉ የነገሩት ነገር አለ፤ እሱን መረዳትሽን ማወቅ ይፈልጋሉ። ጉርሻውም እንዲሁ ነው። «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» ይባላል። አፍሽ ሞልቶ ሁለተኛውን በግድ ተቀብለሽ ከሆነ እሱንም መጥቀስ ትችያለሽ፤ ደስ ይላቸዋል። እነዚህን ሁለቱን ስታነሺ አቀባበል፣ መስተንግዶ የሚሉ ትልልቅ ቃላት አያስፈልጉሽም።

በረካውን በተመለከተ፣ ደብዳቤሽ ውስጥ ቆጭቶሽ እንደነበር ተሰምቶኛል። መቆጨትሽ ተገቢ ነው። ሦስተኛው ስኒ የምርቃት ስኒ ነው፤ አቦልና ቶና ጠጥቶ መነሣት ያጋጥማል እንጂ ባለቤቲቱ ልብ ሳትል አትቀርም። ዝም ብትዪው እንዳልተረዳሽው ይቆጠራል። ረጅም ይቅርታ ከጠየቅሽም ደግሞ አክስቲቱ ጋ መሄዳችሁን ጥፋት ታስመስዪዋለሽ፤ እሳቸውም «ኧረ ምንም አይደል» እያሉ እንዲያጽናኑሽ ታስገድጃቸዋለሽ። የሚሻለው እንደ ዕዳ መያዝ ነው፦ በረካው አለብኝ፣ መጥቼ እጠጣዋለሁ ማለት። አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ትበቃለች፤ ተመልሰሽ የመምጣትሽም ቃል እሷው ውስጥ ገባች።

ስለ አጠራሩም ልንገርሽ። «እርስዎ ስላደረጉልን» ብለሽ ጀምረሽ ሁለት መስመር ሳትሄጂ «አቀባበልሽ» አልሽ። ይህ ብዙ ሰው ስልክ ላይ ሲጽፍ የሚያመልጠው ነገር ነው፤ ጆሮ ላይ ግን ይጮኻል። ጎንደር ውስጥ አማትን «አንቺ» ማለት የለም። ለእሳቸው ብቻ ስትናገሪ እስከ መጨረሻው በ«እርስዎ» ጨርሺ፤ ለቤተሰቡ በሙሉ ስትናገሪ «እናንተ» በዪ። እዚያ ትልልቅ ሰዎች «አንቱ» ሲባባሉ ሰምተሽ ይሆናል፤ ካልለመድሽው አትሞክሪው፤ በ«እርስዎ» ማንም አይቀየምሽም። «እማዬ» ማለትሽ ጥሩ ነው፤ ባለቤትሽ በሚጠራቸው መጥራት ነው። ደጋግመሽ በያት፤ ከዚያች ቃል የሚበልጥ ምስጋና የለሽም።

ጽሑፉን ተዪውና በድምፅ ላኪ። ብትጽፊው የሚያነብላቸው ልጅቱ ናት፤ በእሷ ድምፅና በእሷ ችኮላ ነው የሚሰሙሽ፤ ትንሽ ካፈረችም ግማሹን ዘላ «አመሰግናለሁ ትላለች» ብላ ትጨርሰዋለች። በድምፅ ከላክሽው ግን ያንቺን አንደበት ይሰማሉ። ጎረቤት ቡና ሊጠጣ ሲመጣ «እስኪ የዚያችን ልጅ ድምፅ ክፈችልኝ» ይላሉ፤ ደጋግመው ያስከፍታሉ። ስልክ ላይ የተባለ ነገር ግን ተሰምቶ ያልቃል። ስለዚህ ሰው ቤት ተቀምጦ የሚሰማው መሆኑን አውቀሽ ተናገሪ። ለእሳቸው ብቻ የሚነገር ምስጢር፣ የባለቤትሽን ስሞታ፣ የአክስቲቱን ነገር አታስገቢበት። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ጨርሺ። ጽፈሽ አታንብቢው፤ የሚነበብ ድምፅ ያስታውቃል። ሦስት አራት ነጥብ በልብሽ ያዢና ተናገሪ፤ ብትደናቀፊም እንደገና አትቅጂው።

ጊዜውን አስቢበት። በ12 የሚካኤል ታቦት የሚገባበት ቃና ዘገሊላ ስለሆነ ቤታቸው ገና እንግዳ አለ፤ ባለቤቲቱ የምትቀመጥበት ጊዜ የላትም። ሀዋሳ በገባችሁበት ቀን የሚያስፈልጋቸው «ደረስን» የሚል ቃል ብቻ ነው፤ ልባቸው መንገድ ላይ ነውና። እሱን ባለቤትሽ በስልክ ይንገራቸው። ምስጋናሽን በነጋታው ከሰዓት በኋላ፣ ቤቱ ጭር ሲልና ቡና ሲፈላ ላኪው። ሳምንት ካለፈው ግን ድካሙም ጣዕሙም ይርቃል፤ «ሰው አስታውሷት ላከች» ያሰኛል።

ባለቤትሽ «ደውለሽ ጨርሺው» ያለውን አልነቅፍም፤ መደወል መልካም ነው። ግን ስልክ ላይ የሚሆነውን ታውቂዋለሽ። ሰላምታው ብቻውን ረጅም ነው፤ መስመሩ ይቆራረጣል፤ አማት «ደኅና ናችሁ? ብርዱ አልጎዳችሁም? በልታችኋል?» እያሉ ሲጠይቁ ምስጋናሽ ሳይነሣ «ደኅና ዋይ ልጄ» ላይ ትደርሳላችሁ። እሱ ይደውል፣ አንቺ ድምፁን ላኪ።

እኔ ብሆን እንዲህ እል ነበር። እኅቱ የነገረችሽን አይተሽ፣ ቃሉን በአንደበትሽ አስተካክይው፦

«እማዬ፣ እንደምን ዋሉልኝ? አባዬስ ደኅና ናቸው? እኛ በሰላም ገብተናል፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እማዬ፣ ያንን ዶሮ በገሃድ፣ ጾምዎን ሆነው፣ ሳይቀምሱ እንደሠሩት ሰማሁ። ጨዉም በርበሬውም እንዲያ ልክ ሆኖ መገኘቱ ገረመኝ፤ እጅዎ ይባረክ። ደግሞ ፈረሰኛውን ለእኔ ሲያወጡልኝ፣ በእጅዎ ሲያጎርሱኝ፣ እንግድነቴ ከላዬ ጠፋ። ልጅዎ አደረጉኝ። በረካውን ሳልጠጣ መነሣቴ ግን ይከነክነኛል፤ እሱ ዕዳዬ ነው፣ መጥቼ እጠጣዋለሁ። እርስዎም እኛ ቤት ይምጡልኝና እጅዎን እኔ ላስታጥብዎ። ማዕድዎ አይጉደል፣ ቤትዎን የአብርሃም ቤት ያድርግልዎ። ለከርሞው በሰላም ያድርሰን።»

«አመሰግናለሁ» የሚለው ቃል የለበትም፤ አስቤበት የተውኩት ነው። ብታስገቢው አይከፋም። ግን በዕድሜ የገፉ እናት ጆሮ ላይ ምስጋና የሚባለው ምርቃት ነው፦ እጅዎ ይባረክ፣ ማዕድዎ አይጉደል፣ እግዜር ይስጥልኝ። ለአንቺ እነሱ ትንሽ ያረጁ ይመስሉሽ ይሆናል፤ ለእሳቸው ግን የምታውቅ ልጅ ናት የሚያሰኙሽ እነዚህ ናቸው። ሁለት ሦስት ይበቃል፤ ሁሉንም ደርድረሽ የለማኝ ምርቃት አታድርጊው። (ይህን የምታነቡ ሌሎች አንባቢዎች፣ አስተናጋጃችሁ ሙስሊም ከሆኑ ምርቃቱን በዚያው መንገድ ለውጡት፦ «አላህ ይጨምርልዎ»፣ «አላህ በረካ ያድርገው» በሉ፤ የቀረው እንዳለ ይሠራል።)

የቀየርኩት ሌላው «ስላደከምናችሁ ይቅርታ» የሚለውን ነው። በር ላይ ስትሰናበቺ «አደከምንዎ» ማለት ያለ ነው፤ እሳቸውም «ምን ደከምኩ» ብለው ይመልሳሉ፤ አለቀ። ከቀናት በኋላ በመልእክት ተለይቶ ሲመጣ ግን ደስ ብሏቸው የሠሩትን ሸክም አድርጎ ይመልስባቸዋል። ድካሙን ጥሪው እንጂ ይቅርታ አትጠይቂበት። «እኛም አንድ ቀን እንጋብዛችኋለን» የሚለውም የብድር መመለሻ ይመስላል፣ ደግሞም ቀን የለውም። «እጅዎን እኔ ላስታጥብዎ» ስትዪ ግን የምትገቢበትን ቦታ ተናገርሽ። ከምግብ በፊት ማንቆርቆሪያና ሳህን ይዛ የምትዞረው የቤቱ ልጅ ናት።

ሌሎቹን አትርሺያቸው። አባትየው ማዕዱን ባርከው፣ ከበላችሁም በኋላ መርቀው ከሆነ፣ በዚያው ድምፅ መጨረሻ «አባዬ፣ ምርቃትዎ ይድረሰን» በዪ፤ አጠገባቸው ተቀምጠው መስማታቸው አይቀርም። ለታናሽ እኅቱ ግን ለብቻዋ ጻፊላት። ቄጠማውን የጎዘጎዘችው፣ ቡናውን የቆላችው፣ ሰው በልቶ ሲነሣ ስታጥብ ያመሸችው እሷ ናት፤ ለእሷ የሚደርስ ምስጋና ደግሞ እምብዛም የለም። እንደ እኩያሽ በቀላሉ ጻፊላት፦ «ያን ቀን አንድ ጊዜ እንኳ ስትቀመጪ አላየሁሽም፤ ቡናሽ ግን እስካሁን ይሸተኛል።» ለአክስቲቱም የራሳቸው መልእክት ይገባቸዋል፤ እዚያ ቤት ያየሽውን አንድ ነገር ያዢና በዚሁ መንገድ አድርጊው። «ለእርስዎ ብዬ በረካውን ትቼ መጣሁ» እንዳትዪ ብቻ።

ስንቅ ቋጥረውልሽ ከሆነ፣ ሽሮ ወይም በርበሬ ወይም የድፎ ቁራሽ፣ ስትጀምሪው ደግመሽ ንገሪያቸው፤ በዚያ በርበሬ የሠራሽውን ወጥ አንሺላቸው። ዕቃቸው አንቺ ጋ ከቀረም ባዶውን አይመለስም። አንቺ ሲዳማ አገር ነሽ፤ ሰው ሲሄድ ያገርሽን ቡና ሞልተሽ ላኪላቸው፤ የተቆላ ሳይሆን ጥሬውን፣ እሳቸው እንዲቆሉት።

ድምፅሽን ሰምተው አማትሽ የሚመልሱልሽን ከአሁኑ ልነግርሽ እችላለሁ፦ «ምን አደረግሁልሽና ልጄ! በቅጡ እንኳ ሳላበላሽ ሄድሽ።» ይህ የአስተናጋጅ ወግ ነው፤ ቅሬታ አድርገሽ አትውሰጂው። ምስጋናውን እንደገና ለማስረዳት አትሞክሪ፣ ዶሮውንም ዳግመኛ አታንሺ፣ ይባስ የምትለማመጪ ይመስላል። «እንዲህ አይበሉኝ እማዬ፣ ያላደረጉልኝ የለም» በዪና ወደ እሳቸው ዙሪ፤ በዓሉ ሲያልፍ ድካሙ የሚታወቀው ወገባቸው ላይ ነውና፣ አረፍ ብለው እንደሆነ ጠይቂያቸው።